ወድጄው ለማላውቅ ሰው የሽኝት ጽሑፍ እንዴት ልጻፍ?

ጥያቄ፦ «አምስት ዓመት አንድ ክፍል አብረን የሠራን ባልደረባዬ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሯል። የፊታችን አርብ ጣና ዳር ምሳ ይዘን እንሸኘዋለን። ጽሑፉን ጽፌ እንዳነብ የተመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገርና ሰውየውን ወድጄው አላውቅም። ስብሰባ ላይ ‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ› ይለኝ ነበር፣ የደከምኩበትን ሪፖርትም በራሱ ስም አቅርቦታል። መዋሸት አልፈልግም፣ ቀኑን ማበላሸትም አልፈልግም። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ እዚሁ ባሕር ዳር በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ ረጅም ዓመት ቆይቻለሁ። መግለጫ፣ ንግግር፣ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ሰው ሲዛወር፣ ጡረታ ሲወጣ ወይም ለትምህርት ሲሄድ ደግሞ «እስቲ አንድ ነገር ጻፍለት» እየተባለ ወደ እኔ ይመጣል። ስንት የሽኝት ጽሑፍ እንደጻፍኩ አልቆጠርኩም። ለምወዳቸው ሰዎች የጻፍኳቸው ግን ብዙዎቹ ደካማ ናቸው። ፍቅር ሲኖር ሰው ይቸኩላል፣ «አንተማ ምን ይባላል ወንድሜ» ብሎ ያልፈዋል። ቃል በቃል ተጠንቅቄ የጻፍኩት ለማልወዳቸው ነው። ስለዚህ ያለሽበት ቦታ እንዳሰብሽው ክፉ አይደለም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ከልብ መጻፍ ማለት ሰውየውን መውደድ ማለት አይደለም። አንድ ሰው ከመሀል ተነስቶ «ይሄ እውነት ነው?» ቢልሽ፣ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ዓይኑን እያየሽ «አዎ» ማለት ከቻልሽ ከልብ ጽፈሻል። ፍርድ ቤት የቀረበ ምስክር ተከሳሹን ውደደው አይባልም። ያየኸውን ተናገር ነው የሚባለው። አንቺም አርብ ዕለት የምትቆሚው እንደ ምስክር ነው።

አማርኛ ራሱ እዚህ ላይ ይረዳሻል። በሽኝት ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ዓይነት ግሥ ነው የሚገባው። አንዱ ያለፈውን የሚናገረው ነው፤ «ሠራህ»፣ «አመጣህ»፣ «አየሁ»። ይህ ምስክርነት ነው፣ ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም። ሌላው ምርቃቱ ነው፤ «ይቅናህ»፣ «ይመችህ»፣ «ጤና ይስጥህ»። ይህ ምኞት ነው፣ ስለ ትናንት የሚለው ምንም ነገር የለም። ያስቀየመሽ ሰው እንኳ ልጆቹን ይዞ በሰላም እንዲገባ መመኘት ትችያለሽ፣ ለዚህ እሱን መውደድ አያስፈልግሽም። ችግሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። «እንወድሃለን»፣ «ትናፍቀናለህ»፣ «ከልባችን አትጠፋም»። እነዚህ አሁን በዚህ ሰዓት ልብሽ ውስጥ ስላለው ነገር ነው የሚናገሩት። ድምፅሽ የሚከዳሽም እዚህ ላይ ነው፣ ሰውም የሚሰማው ያንን ነው። ሦስተኛውን ዓይነት ግሥ ከጽሑፉ ሙሉ በሙሉ አውጪው። አብዛኛው ሰው መቅረቱን ልብ አይልም። የቀሩት ሁለቱ ይበቁሻል።

አሁን የራሴን ልንገርሽ፣ በነገሩ ላይ ያለኝን ሁሉ የተማርኩት ከዚያ ስለሆነ።

አንድ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ውስጥ የግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠራን። አልወዳቸውም ነበር። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ አዳራሽ ተቀምጧል፣ የሚታደል ጽሑፍ ለማባዛት አንድ እሽግ ወረቀት ብቻ ነው የቸገረኝ። የዕቃ መጠየቂያውን፣ ሞዴል 20ን፣ ይዤ ሄድኩ። አንድ ፊርማ ጎድሏል ብለው መለሱኝ። አስፈርሜ መጣሁ፣ ቀኑ ተሰርዞ ተጽፏል ብለው መለሱኝ። ሦስተኛ ስመጣ ወረፋ በያዘ ሰው ሁሉ ፊት «አንተ ልጅ፣ ጸሐፊ ነኝ ትላለህ፣ አንዲት ቅጽ መሙላት አትችልም» አሉኝ። በጽሑፍ እንጀራውን ለሚበላ ሰው ይህን ማለት ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታችን በግድ ሆነ። በ2010 ጥቅምት ላይ ጡረታ ሲወጡ ጽሑፉን እኔ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ።

የመጀመሪያው ረቂቄ እንዲህ ይል ነበር፦ «ጋሼ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ተግባቢ፣ የሥራ ፍቅር ያላቸው፣ ለሁላችንም እንደ አባት የነበሩ ታላቅ ሰው ናቸው።» አጠገቤ የምትሠራው ልጅ አንብባው ቀና አለችና «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ። ስም ቀይረሽ ለማንም ማንበብ የምትችይው ጽሑፍ ነበር። ብዙ ሰው የሽኝት ጽሑፍ ውሸት የሚሆንበት ክፉውን በመደበቁ ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ውሸት የሚገባው በቅጽሉ በኩል ነው። «ተግባቢ» ስትይ ስለ ሰውየው ሁልጊዜና ከሁሉም ሰው ጋር ስላለው ባሕርይ እየፈረድሽ ነው። ማንም ሰው ይህን ፍርድ ሙሉ በሙሉ አያልፍም፣ የማትወጂው ሰውማ ጭራሽ። አንድ ማክሰኞ ያደረገው ነገር ግን ሆኗል፣ ማንም አይክደውም።

ስለዚህ ረቂቁን ቀደድኩና ባዶ ወረቀት ወሰድኩ። በመጀመሪያ የተቀየምኩበትን ሁሉ ጻፍኩ፣ ምንም ሳላስቀር፣ ቀኑንና የተባልኩትን ቃል ጭምር። ይህን አንቺም እንድታደርጊው እለምንሻለሁ። ያልተጻፈ ቅሬታ በጎን ሾልኮ ጽሑፉ ውስጥ ይገባል፣ ራስሽ ሳታውቂው። ከጻፍሽው በኋላ አጥፈሽ አስቀምጪው፣ ከዚህ በኋላ ወደሚመጣው ወረቀት አይሻገርም።

ሁለተኛው ወረቀት ላይ ሰውየው ሲያደርጉ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። ሁለት ነገር አገኘሁና ቆምኩ። የማንወደውን ሰው ሥራ አናይም፣ ዓይናችን ቂሙ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ከራሴ ወጥቼ ሰው ጠየቅኩ። እዚህ ላይ አጠያየቁን ልብ በይ። «ጋሼ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?» ብትይ ሁሉም «ጎበዝ ናቸው፣ ጥሩ ናቸው» ነው የሚልሽ፣ ይሉኝታ ይይዘዋል። «ጋሼ ምን ሲያደርጉ አይተሻል?» ብትይ ግን ታሪክ ይመጣል። ደግሞ ኃላፊዎችን አልጠየቅኩም። ሾፌሩን፣ ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ነው የጠየቅኩት። ሰው ለበላዩ የሚያሳየው ፊት አለው፣ እነሱ የሚያዩት ሌላውን ነው።

የጽዳት ሠራተኛዋ የነገረችኝን አልረሳውም። «ጓንትና ሳሙና ለመጠየቅ ደጃቸው ቆሜ አላውቅም፣ ወሩ ሲገባ እራሳቸው ናቸው የሚጠሩኝ» አለችኝ። ሌላ ቦታ ስትሠራ አንድ ጥንድ ጓንት ለማግኘት ሁለት ሳምንት ትመላለስ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህን አላየሁም።

ጥበቃው ደግሞ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ጋሼ ካርቶኑን ሁሉ ከወለል እያነሱ ርብራብ ላይ እንደሚደረድሩ ነገረኝ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በ2006 ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ግምጃ ቤቱ ውሃ ገብቶበት ነበር፣ የእኛ ክፍል የአምስት ዓመት ፋይል እዚያ ነው የተቀመጠው፣ አንድም ገጽ አልራሰም። ውሃው እንዴት ሳይነካው ቀረ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከራሴ ያገኘሁት አንዱ የካሜራው ነገር ነው። ቆጠራ ላይ አንድ ካሜራ ጠፋ ተባለ፣ በሞዴል 22 ፈርሜ የወሰድኩት እኔ ነኝ። መልሻለሁ እላለሁ፣ ማስረጃ የለኝም፣ ከደመወዝ ይቆረጥ እስከመባል ደረሰ። ጋሼ መዝገባቸውን ገልጠው ተመላሽ ያደረግሁበትን ወረቀት አወጡ። አመጡትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ ከዚያ «ሁለተኛ ዕቃ ስትመልስ ወረቀትህን ተቀበል፣ አትዝረክረክ» ብለውኝ ሄዱ። እኔ የሰማሁት ስድቡን ብቻ ነው። አላመሰገንኳቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፣ አንቺንም መያዙ አይቀርም። ጋሼ ይህን ሁሉ ያደረጉት ለእኛ ብለው አይደለም። ካርቶኑን ያነሱት መዝገባቸው እንዳይበላሽ ነው፣ ወረቀቱን ያወጡት ሒሳቡ እንዲገጥም ነው። ታዲያ ማመስገን ማታለል አይሆንም? ብዙ አሰብኩበት። የደረስኩበት ይህ ነው፦ የምናመሰግነው ድርጊቱን ነው፣ ልቡን አይደለም። የሰውየውን ልብ አላየነውም፣ ልንመሰክርበትም አንችልም። ፋይሉ አለመራሱን ግን አይተናል። ስለዚህ «ለእኛ በማሰብ» ወይም «ከፍቅር የተነሳ» የሚሉ ቃላትን አውጪ። ያደረገውን ጻፊ፣ ለምን እንዳደረገው ተዪው።

ከዚያ ሁለተኛውን ረቂቅ ጻፍኩ። እውነት ነበር፣ ግን ልታመልጠኝ የነበረች አንዲት ዓረፍተ ነገር አለችበት፦ «በዚህ ግምጃ ቤት ውስጥ የጋሼ እጅ ያልነካው ዕቃ የለም።» ሁሉንም ዕቃ እሳቸው ነው ያስገቡትና ያወጡት ለማለት ነው። ያቺው የክፍላችን ልጅ ስታነበው ሳቀች። ለግምጃ ቤት ኃላፊ «እጁ ያልነካው የለም» ማለት ምን ተብሎ እንደሚሰማ እኔ አላየሁትም ነበር። የኛ ሰው በሰምና ወርቅ ያደገ ነው። በተለይ ሁለት ሰዎች እንደማይዋደዱ የሚያውቅ ታዳሚ ወርቁን ሊፈልግ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚቀመጠው። ቅን ሆነሽ የጻፍሽውን ቃል ይዞ እሱ ሌላ ነገር ያገኝበታል።

በዚህ ምክንያት የተበላሹ ብዙ ሽኝቶች አይቻለሁ። ለሚጮህ ሰው «ከሄድክ በኋላ ቢሮው ጸጥ ይልብናል» ሲባል። ሥራ ለማይሠራ ሰው «አንተን የሚተካ ሰው አናገኝም» ሲባል። አለቃ ዘንድ ወሬ የሚያመላልስ ለሚባል ሰው «ሁሉን ነገር ቀድመህ የምታውቅ» ሲባል። አንባቢው በቅንነት ነው ያለው፣ አዳራሹ ግን ጎረቤቱን በክርን ነካ አደረገ፣ ተሸኚውም ያንን አየ። ስለዚህ ጽሑፉን ስትጨርሺ ለሁለቱም ያልወገነ አንድ ሰው ፈልገሽ ከፊትሽ እንዲያነበው አድርጊ። ምንም አትጠይቂው፣ ፊቱን ብቻ እዪ። ከንፈሩ ዳር ፈገግ ያለበት ዓረፍተ ነገር ካለ ያንን አውጪው። «እንዲህ ለማለት ነው» እያልሽ አታስረጂ። አርብ ዕለት ለአርባ ሰው እየዞርሽ ማስረዳት አትችዪም።

በመጨረሻ ያነበብኩት ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ እኔ ወደዚህ መሥሪያ ቤት ስመጣ እርስዎ ግምጃ ቤት ነበሩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ 2፡30 ላይ መጥቼ ግምጃ ቤቱ ተቆልፎ ያገኘሁበትን ቀን አላስታውስም። ፊርማ የጎደለው ወረቀት ይዘን መጥተን ያለፍንበት ቀንም የለም። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ካርቶኑን ከወለል አንስተው ርብራብ ላይ ይደረድሩ ነበር። በ2006 ክረምት ውሃ ሲገባ ከክፍላችን ፋይል አንድም ገጽ አልራሰም። የጽዳት ባልደረባችን ጓንትና ሳሙና ለመጠየቅ ደጅዎ ቆማ እንደማታውቅ ነግራኛለች፣ ወሩ ሲገባ የሚጠሯት እርስዎ ነበሩ። ካሜራ ጠፋ በተባለ ጊዜ የመለስኩበትን ወረቀት ከመዝገብዎ ያወጡት እርስዎ ነዎት። ያን ቀን አላመሰገንኩዎትም። ዛሬ አመሰግንዎታለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ቤትዎ የሰላም ይሁን።»

ይኸው ነው። ቀስ ተብሎ ሲነበብ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አንድም ቅጽል የሙገሳ የለበትም። «ፊርማ የጎደለው ወረቀት» የሚለውን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። የጋሼን ኃይለኝነት ሁሉም ያውቃል። ጭራሽ ካልነካሁት ጽሑፉ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ይመስላል። ግን የነካሁት ሕጉን በመያዛቸው በኩል ነው እንጂ እኔን በሰው ፊት ባዋረዱበት በኩል አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ወቀሳም ሙገሳም አይደለም። እሳቸው ራሳቸው «ልክ ነህ» የሚሉት ነው።

ጽሑፉን የተሸከመው ግን «ያን ቀን አላመሰገንኩዎትም» የሚለው ነው። ሌላው ሁሉ ስለ እሳቸው ነው፣ ይህ ስለ እኔ ነው። ስለ ራስሽ ስትናገሪ የምታውቂውን ነው የምትናገሪው፣ ማስመሰል አያስፈልግም። አንቺም አንድ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ፈልጊ። ትንሽ ይሁን፣ እውነት ይሁን። «ያን ጊዜ ከአንተ ሰምቼ ነው የተማርኩት» ሊሆን ይችላል፣ «ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው» ሊሆን ይችላል። ከሌለ አታምጪው፣ ያለሱም ጽሑፉ ይቆማል።

«እኛ» እና «እኔ» የሚሉትንም ለያይቻቸዋለሁ። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር «እኛ» ብለሽ ተናገሪ። አንቺ ያየሽውን «እኔ» በይ። ብዙ ሰው እንዳይጋለጥ ብሎ ከላይ እስከ ታች «እኛ» ላይ ይደበቃል፣ ጽሑፉም የመሸኛ ደብዳቤ ይመስላል። መሸኛ ደብዳቤውን አስተዳደር ጽፎ ማኅተም አድርጎ ይሰጠዋል፣ ከአንቺ የሚጠበቀው እሱ አይደለም።

አጠራሩም እንደዚያው። እኔ ጋሼን እርስዎ ነው የምላቸው፣ እዚያም እርስዎ አልኩ። ባልደረባሽን አምስት ዓመት «አንተ» ስትይው ከቆየሽ አርብ ዕለት «አንተ» በዪው። ድንገት «እርስዎ» ወይም «እሳቸው» ካልሽ ክብር የጨመርሽ ይመስልሻል። ሰው የሚሰማው ግን ርቀቱን ነው።

አሁን ወደ አንቺ ሰውዬ እንምጣ። ሪፖርትሽን በስሙ አቅርቧል። እዚያ ቦታ ላይ ምንም አትጻፊ። «ሪፖርት አዘጋጅቶ በማቅረብ የተመሰገነ» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ በራስሽ ላይ በሐሰት መመስከር ነው፣ እያነበብሽም ይተናነቅሻል። «የሌሎችን ሥራ አክብሮ» የሚልም አይግባ፣ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያነሳዋል። ቁስሉ ያለበትን ሰፈር በሙሉ ዝለይው፣ ሙገሳም ነቀፋም አይድረሰው። «ምን ታውቂያለሽ» የሚልሽም ስብሰባ ላይ ስለሆነ ስብሰባውንም ዝለይው። አምስት ዓመት ረጅም ነው፣ ሌላ ቦታ ይቀራል። መስክ ሲወጣ ምን ያደርግ ነበር? አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ማን ነበር ኮምፒውተሩን የሚያሳየው? ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ማን ነበር የሚያመሸው? ቤተሰብ ያዘነበት ባልደረባ ቤት ድንኳን ሲተከል ማን ነበር ቀድሞ የሚደርሰው? እምቦጭ ነቀላ በተወጣ ጊዜስ? መልሱን እኔ አላውቀውም። ሾፌራችሁ ግን ያውቀዋል። ሦስት ድርጊት ካገኘሽ በቂ ነው፣ አራተኛ አትፈልጊ።

ስትጨርሺ ሁለት ጊዜ አንብቢው። አንዴ በእሱ ጆሮ፦ እያንዳንዱን ነገር «አዎ፣ አድርጌዋለሁ» ይላል ወይ? ሌላ ጊዜ ደግሞ እሱ ይበልጥ ባስከፋው ሰው ጆሮ። ምናልባት ያ ሰው አንቺ ነሽ፣ ምናልባት ዝም ያለች ሌላ ልጅ አለች። እሷ እዚያ ተቀምጣ «እኔንስ ያደረገኝ?» ሳትል እስከ መጨረሻው መስማት ትችላለች? ከቻለች ጽሑፉ ደርሷል። ካልቻለች አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አንድ ቅጽል ላይ ነው፣ «ለሁላችን» የሚል ቃል ላይ ወይም «ሁልጊዜ» ላይ። እነሱን አውጥተሽ እንደገና አንብቢ።

በመካከላችሁ ያለውን ጉዳይ አርብ ዕለት ማይክ ይዘሽ አታንሺው፣ በይቅርታ መልክም ቢሆን። «ያልተግባባንበት ጊዜ ነበር፣ ግን ይቅር ተባብለናል» የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሰውየው አልጠየቀሽም፣ አንቺም አልሰጠሽውም፣ ታዳሚው ግን ነገሩ ምን ነበር እያለ ምሳውን ይበላል። «አውቄም ሳላውቅም ባጠፋሁ ይቅር በለኝ» ማለት የምትፈልጊ ከሆነ ሐሙስ ቢሮው ሄደሽ ለብቻው በዪው። የሪፖርቱንም ነገር መናገር ካማረሽ እዚያው ነው ቦታው። መናገር ካልፈለግሽም አትገደጂ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለከባድ ሰው፣ ለኩራተኛ፣ ለነጭናጫ፣ ለማይመች ሰው ነው። ሰውየው ሴት ባልደረባ ላይ እጁን የሰነዘረ ወይም ያስፈራራ ከሆነ ወይም የሰው እንጀራ ሆን ብሎ ያዘጋ ከሆነ ግን አትጻፊ። ለመረጡሽ ሰዎች «እኔ አይሆንልኝም፣ ሌላ ሰው ያንብበው» በዪያቸው፣ ምክንያት አትደርድሪ። ልጻፍ ብለሽ ብትነሺም ይታወቅሻል፦ ሁለተኛው ወረቀት ላይ የተጻፈ ድርጊት ሁሉ የተጎዳችውን ሰው ፊት ያመጣብሻል፣ አንዱም አልጻፍ ይልሻል። ያንን ስሜት እመኚው።

የቀኑ ነገር ትንሽ ነው። ምግቡ ሳይመጣ አንብቢ። አሳው ከቀረበ በኋላ ማንም አይሰማሽም። ጣና ዳር ነፋሱ ወረቀት ይነጥቃልና ጽሑፉን ጠንከር ያለ ክላሰር ላይ አድርጊው። ከስልክ አታንብቢ፣ የፀሐዩ ነጸብራቅ ፊደሉን ያጠፋብሻል፣ መሀል ላይ ስልክ ሊደወልም ይችላል። እኔ ከአንድ ቀን በፊት በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ከዘንባባው ሥር እየሄድኩ ድምፄን አውጥቼ ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ። የሚያደናቅፈኝ ቃል ካለ እቀይረዋለሁ። ምላስ የሚያደናቅፈው አንዳንዴ ቃሉ ከብዶ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ስላላመንኩበት ነው፣ እየሄድኩ ይለይልኛል። ስታነቢ ከወረቀቱ ቀና ብለሽ እሱን እዪው። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ምርቃቱ ላይ ብቻ።

ጽሑፉንም በእጅሽ ገልብጠሽ ስጪው። ንግግር ጋቢው ሲለብስ ይረሳል፣ ወረቀቱ ይቀራል።

ጋሼ ያን ቀን ሲያዳምጡ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ስጨርስ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ፣ ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ መልሰው ሰጡኝና «ቀንና ፊርማ የለውም» አሉኝ። እስክሪብቶ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ጥቅምት፣ 2010 ብዬ ጽፌ ፈረምኩላቸው። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

አንቺም ቀን ጻፊበት።